ንዴቱ፣ ሙዱና የደረቱ ክብደት

ጥያቄ፦ «ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ በንብረት ክፍል የምሠራ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ በቆጠራ ጉድለት ምክንያት በሠራተኛ ፊት አዋረደኝ። ማታ ልጄ ሻይ ብትደፋ ጮኽኩባት፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እስከ ሐሙስ ምንም ነገር ደስ አላለኝም፤ ደረቴን ይጫነኛል፤ ወደ ሥራ የምገባውም በጓሮ በር ሆኗል። ባለቤቴ ‹ምን ሆነህ ነው?› ስትለኝ ‹ደብሮኛል› ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ጓደኛዬ ‹አብሽር፣ ስሜት ነው፣ ያልፋል› ይለኛል። ስሜትና ሙድ ይለያያሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ የተናደድኩ ነው የሚመስለኝ። መለየቱስ ምን ይጠቅመኛል?»

መልስ፦

አራት ቀን ሙሉ ተናደው አልቆዩም። ሰኞ ጠዋት የደረሰብዎት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሐሙስ የተጎተተው እና ደረትዎ ላይ የሚሰማዎት ክብደት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሊቀሰቅስ ይችላል እንጂ አንዱ ሌላው አይደለም። ሦስቱንም «ደብሮኛል» ብለው ባንድ ላይ ሲጠቀልሏቸው ባለቤትዎ የቱን ይዛ እንደምታግዝዎት አታውቅም፤ እርስዎም የቱ በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ፣ የቱ ደግሞ ክትትል እንደሚፈልግ ሊያውቁ አይችሉም።

የሰኞ ጠዋቱ፣ እንዳይምታታ ስል ቅጽበታዊ ስሜት የምለው ነው። ቅጽበታዊ ስሜት ሁልጊዜ ስለ አንድ ነገር ነው፦ የተናገረ ሰው አለ፣ የተነገረ ቃል አለ፣ ቆመው የሰሙ ባልደረቦች አሉ። አእምሮ ነገሩን ወዲያው መዝኖ «ክብሬ ተነካ» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱን ተከትሎ ልብ ይመታል፣ ፊት ይግላል፣ ድምፅ ይለወጣል፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ሰውየው ወደ አንድ ድርጊት ይገፋል። ግፊቱ እንደ ስሜቱ ዓይነት ይለያያል። ንዴት ፊት ለፊት ቆሞ መልስ ወደ መስጠት ይገፋል፤ ፍርሃት ወደ መሸሽ፣ ሀፍረት ከሰው ዓይን ወደ መሰወር፣ ፀፀት ደግሞ ያበላሹትን ሄዶ ወደ ማስተካከል። በመሆኑም አንድ ሰው የተሰማውን ስሜት በስሙ መጥራት ሲያቅተው የምጠይቀው «ምን ተሰማህ?» ብዬ ሳይሆን «በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ አማረህ?» ብዬ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ዝም የሚለው ሰው ለሁለተኛው ብዙ ጊዜ መልስ አያጣም።

ይህን ጥያቄ ወደ እርስዎ ስመልሰው በጻፉት ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል፤ እሱም የጓሮው በር ነው። የተናደደ ሰው በዋናው በር ይገባል፤ እንዲያውም አለቃውን ቢያገኘው ደስ ይለዋል። በጓሮ የሚገባው ያፈረ ሰው ነው። ንዴት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሊመጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከሰኞ ወዲህ እርምጃዎን የመራው ሀፍረቱ ይመስለኛል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የንዴት ጉዳይ ከአለቃዎ ጋር ነው፤ የሀፍረት ጉዳይ ግን ካዩት ባልደረቦች ጋር ነው። ጉዳዩን ንዴት ብቻ አድርገው ከያዙት፣ አለቃዎን ለብቻው አግኝተው ልክ ልኩን ቢነግሩት እንኳ በማግስቱ ያው በጓሮ በር መግባትዎ አይቀርም፤ ምክንያቱም የሸሹት እሱን ሳይሆን ያዩትን ሰዎች ነበር። ጉድለቱ በእርግጥ ከእርስዎ እጅ የተፈጠረ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ነገር፣ ፀፀት፣ ይጨመርበታል፤ የዚህም መድኃኒቱ የንብረት መመዝገቢያ ካርዱንና መጋዘን ውስጥ ያለውን ቢን ካርድ አስተያይቶ ጉድለቱን መፈለግ ነው እንጂ ይቅር በሉኝ እያሉ መዞር አይደለም።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንምጣ። ቅጽበታዊ ስሜት እንደገና ካልተቀሰቀሰ በስተቀር አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ታዲያ ለምን አራት ቀን የቆየ መሰለዎት? ስለ ስሜቶች ዕድሜ ከተደረጉ ጥናቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የቤልጂየም ተመራማሪዎች ሥራ፣ ረዥም ጊዜ የሚቆዩ ስሜቶችን ከአጫጭሮቹ የሚለዩ ሁለት ነገሮች አግኝቷል፦ የተነሣው ጉዳይ ለሰውየው ያለው ክብደትና ሰውየው ነገሩን ደጋግሞ ማሰቡ። በዚያ ጥናት ከሁሉም ረዝሞ የተገኘው ሀዘን ነበር፤ የሀዘን ምክንያት፣ ለምሳሌ የሰው ሞት፣ ከባድ ነውና። እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ሥራ ሲወርዱ የሰኞውን ንግግር ቃል በቃል በልብዎ ደግመውት፣ ያኔ ሊመልሱት ይገባ የነበረውንም መልስ እያሳመሩ ከሆነ፣ የሰኞው ንዴት አልቆየም፤ ማክሰኞ ጠዋት አዲስ ንዴት ነው የተነሣው። ማታ ሲመለሱም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። እነዚህ እየጠፉ የሚነዱ ስሜቶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ረዥም ንዴት ይመስላሉ።

ይህን ማወቂያው መንገድ ቀላል ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ከጓደኛ ጋር ስለ ኳስ ወይም ስለ ገበያ ሲጫወቱ የነበረበትን አንድ ሰዓት ያስታውሱ። በዚያ ሰዓት ንዴቱ ጨርሶ ጠፍቶ፣ የአለቃዎን ድምፅ ሲሰሙ ወይም ጉዳዩን ሲያስታውሱ ብቻ ከተመለሰ፣ ነገሩ እየተደጋገመ የሚቀሰቀስ ቅጽበታዊ ስሜት ነው። በዚያ ሰዓትም ጨዋታው አልጥም፣ ምሳውም አልጣፍጥ ብሎዎት ከነበረና ለምን እንደሆነ ቢጠየቁ አንድ ነገር ነጥለው መጥቀስ ካቃተዎት ግን ያ ሙድ ነው። «ምንም ነገር ደስ አላለኝም» ማለትዎ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ የእኔ ግምት ሁለቱም አብረው ነበሩ የሚል ነው።

ሙድ የደከመ ወይም የተራዘመ ስሜት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፤ ይህ ስህተት ነው። ሙድ ከቅጽበታዊ ስሜት በዋናነት የሚለየው በርዝመት ሳይሆን የሚያርፍበት ነገር ስለሌለው ነው። ለሰዓታት ወይም ለቀናት ከጀርባ ሆኖ ይቆያል፤ ስለ ማንም አይደለም፤ ስለዚህም ያገኘውን ሁሉ ያጠቁራል ወይም ያበራል። መነሻ የለውም ማለት ግን አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ ሕመም፣ የሰኞው ዓይነት ያልተቋጨ ጉዳይ፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ የጫት ምርቃና ካለፈ በኋላ ያለው መውረድ ሁሉም ሙድን ሊጥሉ ይችላሉ። ችግሩ ሰውየው መነሻውን ባለማየቱ ሙዱን በአጠገቡ ባገኘው ነገር ላይ መለጠፉ ነው።

የሻይው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ልጅ ሻይ መድፋቷ በማንኛውም ቀን የሚያናድድ ነገር ነው፤ በደህናው ቀን ግን «አይ አንቺ ልጅ» ብለው ጨርቅ ከመፈለግ አያልፉም ነበር። ሰኞ ማታ የጮኹት የሻይውን ልክ አይደለም። ንዴቱ በሻይው ተነሣ፤ መጠኑን የወሰነው ግን ጠዋት የወረደው ሙድ ነው። ሰው ራሱን የሚፈትሽበት ጥሩ ምልክት ይህ ነው፦ ምላሽ ከምክንያቱ በእጅጉ ሲበልጥ፣ በተለይ በአንድ ቀን ውስጥ በማይገናኙ ነገሮች ላይ ሲደጋገም፣ ትርፉ የመጣው ከሙድ ነው። ለልጅዎም መናገር የሚቻለው ይህ በመታወቁ ነው። «የጮኽኩብሽ በሻይው ብቻ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሙዴ ጥሩ አልነበረም፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብትባል ትረዳዋለች፤ «አናደድሽኝ» ከተባለች ግን የአባቷን ሰኞ በሙሉ በራሷ ላይ ትጭናለች።

ሙድን ለይቶ ማወቅ ብቻውን ፍርድን እንደሚያስተካክል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ኖርበርት ሽዋርዝና ጄራልድ ክሎር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ስልክ እየደወሉ በሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚረኩ ጠየቁ፤ ግማሾቹን ፀሐያማ፣ ግማሾቹን ዝናባማ ቀን። በዝናባማው ቀን የተጠየቁት በሕይወታቸው ያነሰ ርካታ ገለጹ። ጠያቂዋ አስቀድማ «እዚያ አየሩ እንዴት ነው?» ያለቻቸው ሰዎች ላይ ግን ያ ልዩነት ጠፋ፤ የከፋቸው ከዝናቡ እንደሆነ ሲታሰባቸው ክፋቱን በሕይወታቸው ሂሳብ ላይ አልጻፉትም። በኋላ ብዙ ሕዝብ ያካተቱ ጥናቶች አየር በሕይወት ርካታ ላይ ያለው ጫና እጅግ ትንሽ መሆኑን ስላሳዩ፣ የደሴ የሐምሌ ጉም ያስከፋኛል ለሚለኝ ሰው ይህን ጥናት ማስረጃ አድርጌ አልጠቅስለትም። ዋናው ነጥብ፣ ማለትም ሙድ መነሻው ሲታወቅ በፍርዳችን ላይ ያለው ኃይል መቀነሱ፣ ግን በሕክምና ሥራ ዘወትር የምንጠቀምበት ነው።

ሦስተኛው ነገር የደረትዎ ክብደት ነው። ይህ ስሜቱ ወይም ሙዱ ራሱ ሳይሆን በእርስዎ ዘንድ የታወቀው፣ የተሰማዎት ክፍል ነው። ሰውነት ውስጥ ብዙ ነገር ሳይሰማን ያልፋል፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ንቃታችን የደረሰው ብቻ «ይሰማኛል» የምንለው ይሆናል። የሚሰማን ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው፤ ክብደት ይሰማኛል ካሉ ክብደት ይሰማዎታል፤ ማንም ሊከራከርዎት አይችልም። ምክንያቱ ምን እንደሆነ የሚሰጡት ትርጉም ግን ሊሳሳት ይችላል። ደረት መጫን በስጋትም፣ በሀዘንም፣ በቁጭትም ይመጣል፤ በጨጓራ፣ በደም ማነስ፣ በልብ ሕመምም ይመጣል። ዊልያም ጀምስ እ.ኤ.አ. በ1884 ስሜት ማለት የሰውነት ለውጥ ሲሰማን ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ እያንዳንዱ ስሜት የራሱ የሆነ የሰውነት ምልክት አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ከደረት ክብደት ብቻ ተነሥቶ «ተናድጃለሁ» ወይም «ፈርቻለሁ» ብሎ መደምደም አይቻልም። መቼ እንደጀመረ፣ ስለ ምን እንደሆነና ምን ለማድረግ እንደገፋፋ አብሮ መታየት አለበት።

እንግዲህ ለባለቤትዎ «ደብሮኛል» ከማለት ይልቅ እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ «ሰኞ ጠዋት በሰው ፊት ስለተናገረኝ አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ንዴቱ እስከ ምሳ በርዷል፤ መንገድ ላይ ሳስበው ግን ይነሣብኛል። ከዚያ ሌላ ሙዴ ወርዷል፤ በትንሽ በትልቁ እበሳጫለሁ፤ እሱ ስለማንም አይደለም። ማታ ማታ ደረቴን ይከብደኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።» ይህን የሰማች ሴት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ልታደርግ ትችላለች። ስለ ሀፍረቱ ታወራዎታለች፤ ሙዱን በተመለከተ ለሁለት ቀን ትታገስዎታለች፤ ለደረትዎ ሐኪም ቤት ሂድ ትላለች። «ደብሮኛል» ላሏት ግን ቡና ከማፍላት በቀር ምን ልታደርግ ትችላለች? የመጨረሻውን «አላወቅኩም» ደግሞ ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። በትክክል መግለጽ ማለት ለሁሉም ነገር ስም ማግኘት አይደለም፤ ያልታወቀውን ካልታወቀበት ስፍራ መተውም ይገባል። ጨዋ ሆነው ለመታየት ንዴታቸውን «ቅር ብሎኛል» የሚሉ፣ ወይም ሀፍረትን መናገር ስለሚከብዳቸው ንዴት አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ይበዛሉ፤ ይህም ያው መሸፈን ነው።

የጓደኛዎ «ያልፋል» በከፊል ትክክል ነው። ለቅጽበታዊ ስሜት ይሠራል፣ ለአብዛኛው ሙድም ይሠራል። ለድባቴ ግን አይሠራም። የወረደ ሙድ ወይም ከምንም ነገር ደስታ ማጣት በቀኑ አብዛኛው ክፍል፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ ከእሱም ጋር የእንቅልፍ ወይም የምግብ መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ ማቃት፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት የመሳሰሉት ከመጡ፣ ይህ በምርመራ የሚታወቅና ሕክምና ያለው በሽታ ስለሆነ «አብሽር» ተብሎ አይታለፍም። ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ለቤተሰብ ተናግሮ ሆስፒታል መሄድ ነው። እርስዎ የነገሩኝ አራት ቀን ነው፣ የታወቀ መነሻም አለው፤ ስለዚህ አሁን ድባቴ ነው አልልም።

ደረትዎን በተመለከተ ግን መታየት አለብዎት። ክብደቱ ዳገት ሲወጡ ወይም ዕቃ ሲያነሡ የሚብስ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለበት ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንዲህ ካልሆነም በዚሁ ሳምንት መደበኛ ምርመራ ያድርጉ። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሰውነት ሕመምን «ጭንቀት ነው» ብሎ ከማሳለፍ የከፋ ስህተት የለውም።

እንዲያደርጉ የምመክረው ይህን ነው። ለሁለት ሳምንት አንድ ደብተር ይያዙ፤ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ ብቻ ይጻፉበት። አንደኛው ስሜት ሲነሣ የሚጻፍ ነው፦ ሰዓቱ፣ ምን እንደተከሰተ፣ ሰውነትዎ ላይ የት እንደተሰማዎት፣ ምን ማድረግ እንዳማረዎት፣ መቼ እንደበረደ። ሁለተኛው ማታ ከመተኛትዎ በፊት የሚጻፍ ነው፦ የቀኑ ሙድ ከ0 እስከ 10፣ የተኙበት ሰዓት፣ ጫት ወይም መጠጥ ካለ እሱም። ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አይቀላቅሏቸው፤ ተለያይተው ካልተጻፉ ጥቅማቸው ይጠፋል። በ14 ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ደብዛው እየጠፋ የሁለተኛው ቁጥር ከ3 በታች ከቀጠለ ጉዳዩ ከአለቃዎ አልፏል። የማታው ቁጥር ከፍ ብሎ የመጀመሪያው ግን ሰኞ ሰኞና ቆጠራ በተደረገ ቁጥር ብቻ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ችግሩ እርስዎ ውስጥ አይደለም፤ ሠራተኛን በሰው ፊት የሚያዋርድ አሠራር ነው፤ እሱም በስሜት ልምምድ ሳይሆን ቅሬታ በማቅረብ የሚታይ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። አንዱ፣ ጽሕፈቱ በቀን ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ ነገሩን ደግሞ ደጋግሞ «ለምን እኔን?» እያሉ ማብላላት ከላይ እንዳልኩት ንዴቱን ራሱን ይቀሰቅሰዋል። «ምን ሆነ፣ የት ተሰማኝ፣ ምን አማረኝ» ብለው ይጻፉ፤ «ለምን» የሚለውን ለሁለት ሳምንቱ ማብቂያ ያቆዩት። ሁለተኛው፣ የሚነሣው ስሜት ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ትዝታ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ማለትም የፍንዳታ ድምፅ ሲሰሙ ወይም የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ያኔ ያዩት እንደገና የሚደገምብዎት ከሆነ ብቻዎን አይጻፉት፤ ይህ ዓይነቱ ከባለሙያ ጋር ሆኖ የሚነካ ነው።

ከነገ ጀምሮ ደግሞ በዋናው በር ይግቡ። መጀመሪያ ያፈሩበትን አንድ ባልደረባ፣ በጣም የሚቀርቡትን፣ መርጠው ስለ ሰኞው አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት። ሐኪም ጋ ሲሄዱም ደብተሩን ይውሰዱ፤ «ምን ይሰማዎታል?» ሲባሉ የማታውን ገጽ ከፍተው ይስጡት።